መግዣና መሸጫ፦ የዶላር ኢንቮይስን ወደ ብር ስቀይር የተሳሳትኩት

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ለ60 የውኃ ፓምፖች የ8,400 ዶላር ኢንቮይስ ደርሶኝ ነበር። የባንኩን የዕለት ምንዛሪ ሠንጠረዥ ከፍቼ «መግዣ» የሚለውን 124 ብር ወሰድኩ፤ ዶላሩን የምገዛው እኔ ስለሆንኩ ዓምዱ የእኔ መስሎኝ ነበር። በዚህም 1,041,600 ብር አገኘሁና ለደንበኛዬ የፓምፑን ዋጋ በዚሁ ላይ ተመሥርቼ ነገርኩት።

ሠንጠረዡ ግን የተጻፈው በባንኩ በኩል ሆኖ ነው። «መግዣ» ባንኩ ከላኪ ወይም ከሐዋላ ተቀባይ ዶላር የሚገዛበት ሲሆን፣ አስመጪ የሚከፍለው ባንኩ በሚሸጥበት፣ ማለትም በዚያን ቀን በ126.48 ነበር። ልዩነቱ 2 በመቶ ብቻ ቢመስልም በዚህ ኢንቮይስ ላይ 20,832 ብር ይሆናል። ከዚህ ሌላ ለጥሬ ገንዘብና ለዝውውር የተለያዩ ዓምዶች የሚያወጡ ባንኮች ስላሉ፣ ለአቅራቢ የሚላክ ክፍያ የሚሰላው ለዝውውር በወጣው መሸጫ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስህተቴን ሳርም ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ፤ በ126.48 ካሰላሁ በኋላ «የባንኩ ልዩነት» ብዬ 2 በመቶ እንደገና ጨመርኩበት። ልዩነቱ በመሸጫው ውስጥ አስቀድሞ ስላለ፣ ለየብቻ የሚደመረው የአገልግሎት ክፍያና የስዊፍት ወጪ ብቻ ነው። አሁን የምጠቀምበት ቀመር ይህ ነው፤ B2 የኢንቮይሱ ዶላር፣ B3 መሸጫው፣ B4 የአገልግሎት ክፍያው መቶኛ፣ B5 ደግሞ የስዊፍት ወጪው ነው፦

```
=B2*B3*(1+B4)+B5
```

ባንኩ በወቅቱ 1.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 1,500 ብር የስዊፍት ወጪ ስላስከፈለኝ ጠቅላላው 1,079,868.48 ብር ሆነ። ይህን ለ8,400 ስናካፍለው አንድ ዶላር በእርግጥ የወጣብኝ በ128.56 ብር ገደማ ነው። አንዱ ፓምፕ በመጀመሪያው ስሌቴ 17,360 ብር ሲሆን፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር 17,998 ብር ያህል ፈጅቷል። ለደንበኛዬ ቃል ገብቼ ስለነበር የጎደለውን ከትርፌ ሸፈንኩ።

ባንኮች ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪውን ከደንበኞቻቸው ጋር ተደራድረው ስለሚወስኑ፣ ኢንቮይሱ በደረሰበት ቀን ያለው መሸጫ ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ስሰጥ የምንዛሪውን ቀን እጽፍበታለሁ፤ ክፍያው ሲፈጸም ደግሞ ከሒሳቤ የተቀነሰውን ጠቅላላ ብር ለኢንቮይሱ ዶላር አካፍዬ የመጣውን ቁጥር ከቀመሬ ጋር አመሳክራለሁ። ሁለቱ ካልገጠሙ የባንኩን የክፍያ ማስታወቂያ ይዤ የትኛው ክፍያ እንደተጨመረ መስኮቱ ላይ እጠይቃለሁ።