«በነፃ እናደርሳለን» ያልኩ ጊዜ

ስልኩ የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሰዓቱ ለእኛ ጠዋት፣ ለደዋይዋ እኩለ ሌሊት አልፏል። «ወንድሜ፣ በነፃ እናደርሳለን ብላችሁ ነው የገባሁት፤ አሁን የመላኪያ ዋጋው የቀሚሱን ግማሽ ያህል ነው ትሉኛላችሁ?» አለችኝ። ድምፅዋ የተናደደ ሰው ሳይሆን ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር፤ ይኼኛው ደግሞ ይብሳል። የእኅቷ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ለመልሱ ስድስት ቀሚስ አስባለች። «በነፃ» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነበበችውም ድረ ገጻችን ላይ ሳይሆን ገና ጉግል ላይ ነው።

የምሠራው የሐበሻ ቀሚስ በሚያሰፋ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ሽሮ ሜዳ ጥለት ሲቸረችሩ የጀመሩ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የእኔ ድርሻ ድረ ገጹ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የሠርጉ ወቅት በተሟሟቀበት ሰሞን፣ አንድ ገጽ በጉግል ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደታየና እንደተጫነ የሚያሳየውን ጉግል ሰርች ኮንሶልን ከፍቼ ዋናውን የቀሚስ ገጽ አየሁት። በ28 ቀን ውስጥ 6,100 ጊዜ ያህል በፍለጋ ውጤት ላይ ታይቷል፤ የተጫነው ግን 110 ጊዜ ነው። ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞላም። አማካይ ቦታችን አምስተኛ አካባቢ ስለነበር ሰው አላየንም ማለት አልችልም። እያየን ያልፈናል ማለት ነው።

ለምን እንደሚያልፈን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። ከገጹ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ይህ ነበር፦

```html
<title>የሐበሻ ቀሚስ ለሠርግና ለበዓል</title>
<meta name="description" content="ለሠርግና ለበዓል
የሚሆን ምርጥ የሐበሻ ቀሚስ። ውብ የሐበሻ ቀሚስ
ለሠርግና ለበዓል እዚህ ያገኛሉ።">
```

የመጀመሪያው መስመር ርዕሱ ነው፤ በፍለጋ ውጤት ላይ በትልቁ የሚታየውና የሚጫነው። ሁለተኛው ሜታ ዲስክሪፕሽን የሚባለው ነው፤ ገጹ ላይ አይታይም፤ ከርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደል የሚወጣው መግለጫ ግን ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይወሰዳል። ያንን ቦታ ርዕሱን ለመድገም አውዬዋለሁ። ከርዕሱ ጋር ሲቆጠር «የሐበሻ ቀሚስ» ሦስት ጊዜ፣ «ለሠርግና ለበዓል» ሦስት ጊዜ፤ አንባቢዋ ከርዕሱ የማታውቀው አንድም ነገር የለም። ያኔ ይህን ያደረግኩት ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ጉግል ወደ ላይ ያወጣናል ብዬ ነው። ጉግል ግን ይህን መግለጫ ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ራሱ ከተናገረ ቆይቷል። መግለጫው የሚሠራው ለሰው ዓይን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሰው ዓይን ልጻፍ አልኩ፤ እናም ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። አዲሱ መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ቀሚስዎን በነፃ እናደርሳለን! ዛሬ ይዘዙ፣ በ3 ቀን ይረከቡ። ይህም ለአዲስ አበባና ለተዘጋጁ ቀሚሶች ነው።» ልብ በሉ፤ ዐይኔን በጨው አጥቤ አልዋሸሁም። ሁኔታውን መጨረሻው ላይ አስቀምጫለሁ። ጉግል ገጹን በቶሎ እንዲያየው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ጥያቄ አስገባሁ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲሱ መግለጫ ወጣ።

የካቲት ደስ የሚል ወር ነበር። ገጹ 5,000 ጊዜ ታይቶ 210 ጊዜ ተጫነ፤ ከመቶ አራት አለፈ። ቦታችን አሁንም አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ለውጡ የመግለጫው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ለእትዬ በስልኬ አሳየኋቸው። «ታዲያ ትዕዛዙ የታለ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ያኔ አልወደድኩትም። በጥር ከድረ ገጹ 11 ትዕዛዝ መጥቶ ነበር፤ በየካቲት 9 መጣ፤ ከዘጠኙም አራቱ የመላኪያውን ዋጋ ሲሰሙ ተሰረዙ። ሠርግ ያለፈበት ወር ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ሴት የደወለችው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የራሴን ስልክ አውጥቼ «የሐበሻ ቀሚስ» ብዬ ፈለግኩ። መግለጫችን እንዲህ ይነበብ ነበር፦

«ቀሚስዎን በነፃ እናደርሳለን! ዛሬ ይዘዙ፣ በ3 ቀን ይረከቡ። ይህም …»

እዚያው ላይ ተቆርጧል። ይህም ምን? ለአዲስ አበባ ብቻ የሚለው፣ ለተዘጋጁት ብቻ የሚለው፣ እውነት የነበረው ክፍል በሙሉ በሦስት ነጥብ ተተክቷል። ከእኔ እጅ ሲወጣ ግማሽ እውነት የነበረው ሴትዮዋ እጅ ሲደርስ ሙሉ ውሸት ሆኗል።

ጉግል መግለጫውን የሚቆርጠው ፊደል ቆጥሮ ሳይሆን በማሳያው ላይ በሚይዘው ስፋት ነው። በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ሰዎች 155 ፊደል ገደማ የሚል ልማዳዊ ልክ አለ፤ እኔም እርሱን ይዤ ነበር። የእኛ ፊደል ግን ሰፊ ነው። «ጭ» እና «ጩ» ከእንግሊዝኛው «i» ጋር እኩል ቦታ አይዙም። ስለዚህ ያንን ቁጥር ወደ አማርኛ ማምጣት ልክን በሌላ ሰው ገላ እንደ መለካት ነው። አሁን የማደርገው ቀላል ነው፤ መግለጫው በማንኛውም ቃል ላይ ቢቆረጥ የቀረው እውነት ሆኖ ይቆያል ወይ ብዬ ከኋላ ወደፊት ቃል በቃል እየሸፈንኩ አነባለሁ። ለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፤ ሁኔታው ከተስፋው ይቀድማል። «በነፃ እናደርሳለን፤ ይህም አዲስ አበባ ውስጥ ነው» ሲቆረጥ ይዋሻል። «አዲስ አበባ ውስጥ በነፃ እናደርሳለን» የትም ቢቆረጥ አይዋሽም። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ይመቻል፤ ግሱ ወትሮም መጨረሻ ላይ ነው።

እንደገና ከመጻፌ በፊት ሰው ምን ብሎ እንደሚመጣ አየሁ። ሰርች ኮንሶል ገጹ የታየባቸውን የፍለጋ ቃላት ይዘረዝራል። «የሐበሻ ቀሚስ»፣ «የሀበሻ ቀሚስ»፣ «የአበሻ ቀሚስ» ሦስቱም አሉ፤ ሰው እንደ ተማረው እንጂ እንደ መዝገበ ቃላት አይጽፍም። ሦስቱንም መግለጫው ውስጥ ለመጠቅጠቅ እጄን በላኝ፤ ግን ተውኩት፤ የሚነበብ አይሆንም። ከዚያ በታች «ዋጋ»፣ «በልክ»፣ «ስንት ቀን»፣ «ወደ አሜሪካ መላክ» የሚሉ አሉ። እነዚህ ናቸው ርዕሱ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች። እትዬን ጠየቅኳቸው፦

«እትዬ፣ ደንበኛ ሱቅ ገብታ ቀሚሱን ካየች በኋላ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድን ነው?»

«መቼ ይደርሳል ነው የምትለው። ዋጋ ሁለተኛ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ርካሽ ቀሚስ ምን ያደርግላታል?» ቀጥለውም «ደግሞ ፈትሉን መነን ነው እያልክ እንዳትጽፍ» አሉኝ። አልጻፍኩም ነበር፤ ከ«በነፃ»ው ወዲህ ግን አመኔታቸው ቀንሶብኛል።

ሦስተኛው መግለጫ እንዲህ ሆነ፦

```html
<meta name="description" content="በልክ የሚሰፋ
በ3 ሳምንት፣ የተዘጋጀ በ3 ቀን። የፈትልና የመነን
ቀሚስ ከነነጠላው። አዲስ አበባ ውስጥ ማድረሻ በነፃ፤
ወደ ውጭ አገር በክብደት ይከፈላል።">
```

«የሐበሻ ቀሚስ» የሚለው ሐረግ ራሱ እዚህ ውስጥ የለም፤ ርዕሱ ላይ ስላለ። «ምርጥ»ም የለም። ቀሚሴ ምርጥ አይደለም የሚል ሻጭ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ቃሉ ምንም አይለይም። በልክ የሚሰፋው መጀመሪያ የገባው ረጅሙ ጊዜ እርሱ ስለሆነ ነው፤ ቢቆረጥ እንኳን የሦስት ሳምንቱ ዜና ይቀራል እንጂ የሦስት ቀኑ ብቻ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን መግለጫውን በማስተካከል ብቻ አልተፈታም። «የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ» ብዬ ስፈልግ ጉግል የእኔን መግለጫ ትቶ ከገጻችን ውስጥ «ዋጋ ለማወቅ ይደውሉልን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ አሳየኝ። የጻፍነው መግለጫ ጥያቄውን የማይመልስ ከመሰለው ከገጹ ራሱ መርጦ ያወጣል፤ ልናስገድደው አንችልም። በዋጋ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የበለጠ የሚያባርር ዓረፍተ ነገር አላውቅም። ስለዚህ በገጹ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ የዋጋውን መነሻና የመላኪያውን አሠራር ጻፍን። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ጉግል ያንን አንቀጽ ማውጣት ጀመረ። በየቀሚሱ ያሉትን ስልሳ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀደም አንዱን መግለጫ ገልብጬ ሞልቻቸው ነበር፤ ለሁሉም የሚጻፍ ጊዜ ስላልነበረኝ ብዙ ሰው የሚያያቸውን ስምንቱን ጽፌ የቀሩትን ባዶ ተውኳቸው። ስልሳ ጊዜ ከተደገመ ነገር ጉግል ራሱ ከገጹ የሚመርጠው ይሻላል።

ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ባሉት 28 ቀናት ገጹ 7,400 ጊዜ ታይቶ 230 ጊዜ ተጫነ፤ ከመቶ ሦስት ገደማ። ከየካቲቱ ያነሰ ነው። ትዕዛዙ 19 ደረሰ፤ ይህን ግን ለመግለጫው ብቻ አልሰጠውም፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለነበር ቀሚስ የሚፈልገው ሰው ራሱ በዝቷል። የማምነው ሌላውን ቁጥር ነው፤ በመላኪያ ዋጋ ምክንያት የተሰረዘ ትዕዛዝ አልነበረም። ከውጭ የደወሉት ሁለቱም «በክብደት ስትሉ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብለው ነው የጀመሩት።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ደፈር ብዬ የዋጋውን መነሻ በብር መግለጫው ላይ ጨመርኩ። ጠቅታው ከፍ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ እትዬ በሳምንቱ ዋጋቸውን ከለሱ፤ እኔ ገጹን በዚያው ቀን አስተካከልኩ። ጉግል ግን ገጹን እንደገና እስኪያየው ድረስ አሮጌውን ዋጋ ማሳየቱን ቀጠለ። አንዲት ደንበኛ ስልኳን ዘርግታ ሱቁ ድረስ መጣች። እትዬ ስልኩን ተቀብለው አነበቡት፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ለሴትዮዋም ቀሚሱን በተጻፈው ዋጋ ሰጧት። ልዩነቱን ከደመወዜ አልቆረጡም። ብሩን ግን የዚያኑ ዕለት ከመግለጫው ላይ አወጣሁት።