በበጀታችን ላይ ብቻ የነበረው 91 ሺህ ብር

የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር 120 አባላት አሉት። ሥራ አመራር ኮሚቴ ውስጥ በገባሁበት ዓመት በጀቱን የማዘጋጀት ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። እያንዳንዱ አባል በወር 500 ብር ስለሚቆጥብ በዓመት የሚገባውን 720 ሺህ ብር ገቢ ብዬ ጻፍኩት። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ዕዳችን ነው። ነገ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል» ብለው አሰረዙኝ። የእኛ ገቢ ከብድር የሚገኘው ወለድ ነው።

ሁለተኛውን ስህተት ግን እሳቸውም አላዩትም። ሐምሌ 1 ቀን በተበዳሪዎች እጅ 1 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በዓመቱ ውስጥ 900 ሺህ ልናበድር አቀድን። ሁለቱን ደምሬ በ13 በመቶ አባዛሁና 247 ሺህ ብር የወለድ ገቢ ያዝኩ። ጉባኤው አጸደቀው፤ በዚያ ተማምነን በወር 8 ሺህ ብር የሙሉ ጊዜ ሒሳብ ሠራተኛ ቀጠርን።

በጥር ወር የግማሽ ዓመቱን ሒሳብ ስናይ የተሰበሰበው ወለድ 72 ሺህ አካባቢ ብቻ ነበር። ተበዳሪ የጠፋ መስሎኝ ውዝፍ ፍለጋ ገባሁ፤ ሁሉም በሰዓቱ እየከፈለ ነው። ችግሩ የገባኝ የአንዷን ተበዳሪ ካርድ ስዘረዝር ነው። 60 ሺህ ብር በ24 ወር ተበድራ በየወሩ 2,500 ዋናውን ትመልሳለች። ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ላይ ስለሆነ የመጀመሪያ ወር 650 ብር ከፈለች፤ በ13ኛው ወር 325 ብቻ ይሆናል። የአንደኛው ዓመት ድምር እኔ ያሰብኩት 7,800 ሳይሆን 6,012 ብር ነው። ይህም ሐምሌ ላይ ብትወስድ ነው። እሷ የወሰደችው ጥር መባቻ ላይ ስለሆነ እስከ ሰኔ የምታስገባው 3,500 ቢሆን ነው።

ስሌቱን ያረምኩት እንዲህ ነው። በዓመቱ 500 ሺህ ዋና ገንዘብ ከተመለሰ የሰኔ 30 ቀሪ ብድር 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ይሆናል። ከመነሻው ጋር ሲደመርና ለሁለት ሲካፈል አማካዩ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው፤ 13 በመቶው 156 ሺህ። በበጀቱ ከያዝኩት 247 ሺህ ጋር ልዩነቱ 91 ሺህ። ከ156 ሺሁ ላይ ለቆጣቢዎች የምንከፍለው 7 በመቶ ወለድ፣ በአማካይ ቁጠባ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ሲሰላ፣ 101,500 ብር ይወስዳል። ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው 54,500 ብር ነው፤ የሠራተኛዋ ደመወዝ ብቻውን 96 ሺህ!

ልናሰናብታት ፊት አልነበረንም። ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ማኅበር ጋር ተነጋግረን ደመወዟን እኩል ተካፈልን፤ ጠዋት እኛ ጋ፣ ከሰዓት እነሱ ጋ ትሠራለች። የጽሕፈት መሣሪያውንም የጉባኤውንም ወጪ በቀረው 6,500 ለማብቃቃት ሞከርን፤ የዚያን ዓመት ጉባኤ ሻይ ያለ ዳቦ ነበር።

ዓመታዊ አማካይም ቢሆን ብድር በአንድ ወቅት ሲከማች ያሳስታል። እኛ ጋ ነሐሴና መስከረም ላይ ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሰልፉ ይረዝማል፤ በዚያው ሰሞን ቁጠባውን የሚያወጣም ይበዛል። ስለዚህ ዘንድሮ የብድሩን ቀሪ ወር በወር አስቀምጬ እያንዳንዱን ለየብቻ በ13 በመቶ አባዝቼ ለ12 አካፍላለሁ። ጋሼ ቁጥጥር አሁንም መጀመሪያ የሚያዩት ቁጠባውን የት ዓምድ እንደጻፍኩት ነው።