30 ± 0.02፦ የሻፍትን የላይና የታች ልክ አውጥቶ ቶርኖ ላይ ማዋል

የፕላስ ማይነስ ስሌት ላይ ደርሰናል። መደመሩና መቀነሱ ማንንም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የወጡትን ሁለት ልኮች ይዞ ቶርኖ ፊት ሲቆም ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ምሳሌ አናበዛም፤ አንድ ሻፍት ይዘን እስከ ልኬቱ እንሄዳለን። ሥዕሉ ላይ ያለው ዲያሜትር 30 ± 0.02 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፑሌጃ የሚገባበት ጫፍ ነው እንበል።

መጀመሪያ 30ን እንደ 30.00 እንጻፈው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ሲቀነስ የሚፈጠረው ስህተት አብዛኛው እዚህ ይመጣል። ከነጥብ በኋላ ያሉት ቦታዎች እኩል ካልሆኑ ዓይን ይንሸራተትና 29.98 መሆን የነበረበት 29.8 ወይም 29.08 ሆኖ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። በትክክል ሲጻፍ፦

```
የላይ ልክ = 30.00 + 0.02 = 30.02
የታች ልክ = 30.00 - 0.02 = 29.98
```

የሁለቱ ልዩነት 0.04 ነው፤ ጠቅላላው ቶለራንስ ይህ ነው። «ቶለራንሱ 0.02 ነው» ብሎ 0.01 ወደ ላይ፣ 0.01 ወደ ታች የሚያካፍል ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ራሱ ላይ ሥራውን እጥፍ ያከብዳል፣ ደህናውንም ሻፍት ይጥላል። በፕላስ ማይነስ የተጻፈው ቁጥር ለአንድ ወገን ብቻ ነው፤ በሌላው ወገንም ያው መጠን አለ።

ስሌቱን ለማረጋገጥ ሁለት ነገር ይበቃል። የላዩን ከታቹ ጋር ደምረን ለሁለት ስናካፍል 30.00 መምጣት አለበት፤ ታቹ ከላዩ ሲቀነስ ደግሞ 0.04። ታቹን በስህተት 29.8 ብለነው ቢሆን ኖሮ አማካዩ 29.91 ይመጣና ወዲያው ያሳብቅብናል። ሥዕሉ ላይ ፕላሱና ማይነሱ እኩል ካልሆኑ፣ ለምሳሌ +0.02 እና −0.01 ከሆኑ፣ ልኮቹ 30.02 እና 29.99 ናቸው፤ አማካዩ 30.005 ይሆናል እንጂ 30.00 አይሆንም። ስለዚህ የአማካዩ ማረጋገጫ 30.00 የሚያመጣው ሁለቱ ወገን እኩል ሲሆን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወረቀት ላይ ሁለቱ ልኮች እኩል ናቸው፤ ቶርኖ ላይ ግን እኩል አይደሉም። ሻፍት ከውጭ ሲቆረጥ የሚሄደው እየቀጠነ ነው። ከላይኛው ልክ በላይ የሆነ ሻፍት ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ አሁንም መቁረጥ ይቻላል። ከታችኛው ልክ በታች የወረደ ሻፍት ግን ብረት አይጨመርለትም። በመበየጃ ሞልቶ እንደገና መቁረጥ አለ፤ ሆኖም ያ ሌላ ሥራና ሌላ ወጪ ነው፤ ሻፍቱም በሙቀቱ ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሻፍት ብቻ ስንሠራ 30.00ን ሳይሆን 30.005 እስከ 30.01 ያለውን ብናልም ይሻላል። ትንሽ ብንስት ወደ ታች እስከ 29.98 ድረስ ቦታ አለን፤ ወደ ላይ ብንስት ደግሞ ማረም እንችላለን።

ሻፍቱ የመጨረሻ ቆረጣ ላይ ደርሶ ማይክሮሜትሩ 30.035 አነበበ እንበል። ከላይኛው ልክ በ0.015 ይበልጣል። ለስሌቱ እንዲቀል 30.00 ላይ ይድረስ ብንል፣ ከዲያሜትሩ 0.035 መውረድ አለበት፤ በራዲየስ ግማሹ፣ 0.0175 ነው። እዚህ ጋ እጀታው ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ግድ ነው። አንዳንዱ ቶርኖ መቁረጫው የገባበትን ጥልቀት፣ ማለትም ራዲየሱን ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዲያሜትር የሚወርደውን። ራዲየስ በሚቆጥር ማሽን ላይ 0.035 ያስገባ ሰው 0.07 ይቆርጣል፤ ሻፍቱም 29.965 ይሆናል። ከታችኛው ልክ በ0.015 ያነሰ ስለሆነ ተጣለ ማለት ነው። ማሽኑን የማናውቀው ከሆነ መልሱ ሩቅ አይደለም፦ ትርፍ ብረት ላይ አንድ ጊዜ ቆርጠን እንለካ፣ እጀታውን 0.10 አስገብተን እንደገና ቆርጠን እንለካ። ዲያሜትሩ በ0.10 ከቀነሰ የሚቆጥረው ዲያሜትር ነው፤ በ0.20 ከቀነሰ ራዲየስ። እጀታው ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ጥርሱ ላይ ያለው ክፍተት እንዳያታልለን ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እያስገባን እንምጣ።

ይህን ያህል ቀጭን ቆረጣ ላይ መቁረጫው ደንዝዞ ከሆነ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ያሻሸዋል፤ ልኩ አልወረደም ብለን ስንጨምርበት ደግሞ በአንዴ ብዙ ይወስዳል። ለዚህ ነው ለማጠናቀቂያው ከዲያሜትር 0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ትተን፣ ግማሹን ቆርጠን ለክተን፣ የቀረውን በዚያው ዓይነት ቆረጣ መጨረስ የሚሻለው። የመጨረሻዋን አንድ መቶኛ በብርጭቆ ወረቀት ማውረድ ይቻላል፤ ሦስትና አራት መቶኛ በወረቀት ማውረድ ግን ሻፍቱን ወጣ ገባ ያደርገዋል።

ልኬቱ ላይ የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ ለዚህች 30 ተብላ የተዘጋጀች ይመስላል። የምንጠቀምበት ከ25 እስከ 50 የሚለካ ማይክሮሜትር ነው፤ ከበሮው አንድ ዙር ሲዞር 0.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፣ በዙሪያውም 50 መስመር አለው። 30.02 ሲሆን የ30 መስመር በግልጽ ይታያል፣ ከበሮውም 2 ላይ ነው። 29.98 ሲሆን ግን በግልጽ የወጣው የ29.5 መስመር ነው፣ ከበሮውም 48 ላይ ነው፤ 29.5 እና 0.48 ተደምረው 29.98። ችግሩ በዚህ ሰዓት የ30 መስመር ከከበሮው ጠርዝ ስር ብቅ ማለት መጀመሩ ነው። ያንን አይቶ 30 ብሎ የጀመረ ሰው 30.48 ያነባል፤ ገና 0.48 ይቀረኛል ብሎ ሲቆርጥ ደህናው ሻፍት 29.50 ይሆናል። ከበሮው 40ዎቹ ውስጥ ከሆነ፣ ብቅ ያለው መስመር ገና አልተቆጠረም። ጥርጣሬ ካለ በካሊፐር መፈተሽ ነው፤ ካሊፐር ግማሽ ሚሊ ሜትር አይስትም።

ካሊፐር ግን ለዚህ ብቻ ነው የሚሆነን። በ0.02 የሚያነብ ካሊፐር ጠቅላላው 0.04 የሆነን ሥራ ሊፈርድ አይችልም፤ አንድ መስመር መሳት ማለት የቶለራንሱ ግማሽ ነው። ማይክሮሜትሩም ቢሆን ከመለካቱ በፊት በ25 ሚሊ ሜትር መፈተሻ ዘንጉ ዜሮው ይታይ። ዜሮው በ0.01 የተዛባ ከሆነ የቶለራንሱ ሩብ ሳንጀምር ሄዷል።

የት እንደምንለካም ወሳኝ ነው። ሻፍቱ ከቻክ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ፣ ጫፉ በሴንተር ሳይደገፍ ከተቆረጠ፣ ጫፉ ከመቁረጫው ይሸሻል፤ ስለዚህ ወፍሮ ይቀራል። ቻኩ አጠገብ 29.99፣ ጫፉ ላይ 30.03 ቢነበብ አማካዩ 30.01 ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልኮቹ ለእያንዳንዱ ቦታ ናቸው፤ ፑሌጃው የሚጀምረው ከጫፉ ስለሆነ ደግሞ ገና ሲገባ የሚይዘው እዚያ ነው። ሦስት ቦታ፣ በየቦታው ዘጠና ዲግሪ አዙሮ ሁለት ጊዜ መለካት ነው። ከስድስቱ ንባቦች ትልቁ ከ30.02 አይብለጥ፣ ትንሹ ከ29.98 አይነስ።

ሌላው ሙቀት ነው። ሥዕል ላይ ያለ ልክ የሚሠራው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ፣ በአንድ ሜትር ወደ 0.0115 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከቆረጣ ገና የወጣ ሻፍት 60 ዲግሪ ደርሶ ከሆነ፣ በ40 ዲግሪ ልዩነት የ30 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር በ0.014 ገደማ ይወፍራል። ትኩሱን ለክተን 29.99 ካነበብን ደስ ይለናል፤ ሲቀዘቅዝ ግን 29.976 ሆኖ ከታችኛው ልክ ወርዶ እናገኘዋለን። በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ሻፍት አይለካም። የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ግን ብዙ አያሳስብም፦ በ12 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ ከ0.003 አይበልጥም፣ ማይክሮሜትሩም አብሮ ስለቀዘቀዘ ከዚያም ያንሳል።

መርካቶና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሥራ ብዙ ጊዜ ያለ ሥዕል፣ በቃል ይመጣል። «ሠላሳ ነው፣ ዜሮ ሁለት ታሳልፋላችሁ» ቢባል ስሌቱ ገና አልተጀመረም። ዜሮ ሁለት 0.2 ነው ወይስ 0.02? ለአንድ ወገን ነው ወይስ ጠቅላላው? በፕላስ ማይነስ 0.2 ከሆነ ልኮቹ 29.8 እና 30.2 ናቸው፤ ካሊፐር ይበቃል። ጠቅላላው 0.02 ከሆነ 29.99 እና 30.01 ናቸው፤ ያ ደግሞ ሌላ ዋጋና ሌላ ጥንቃቄ ነው። ሁለቱን ልኮች ጽፎ ለባለሥራው አሳይቶ «ከዚህ እስከዚህ ነው?» ማለት ይሻላል። ፑሌጃውን አብሮ እንዲያመጣ መጠየቅም ጥሩ ነው፤ ቀዳዳው ከ30.03 እስከ 30.05 ከሆነ ለምሳሌ፣ ከኛ ሻፍት ጋር ክፍተቱ ትንሹ 0.01፣ ትልቁ 0.07 ይሆናል። ባለሥራው የሚፈልገው ጠብቆ የሚይዝ ከሆነ ± 0.02 ከጅምሩ ትክክለኛ ምርጫ አይደለም።

ብዙ ሻፍት በአንድ ጊዜ ሲሠራ ከላይ ያልነው የማለሚያ ነጥብ ይገለበጣል። መቁረጫው እየተበላ ሲሄድ እጀታው ሳይነካ ሻፍቶቹ ቀስ በቀስ እየወፈሩ ይመጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው 29.99 አካባቢ ቢጀምር ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ይኖረዋል። በየአምስተኛው እየለኩ መመዝገብና ንባቡ 30.01 ሲደርስ፣ 30.02ን ሳንጠብቅ፣ እጀታውን በዲያሜትር 0.02 ማስገባት ነው።