«ዘረፋችሁኝ» የሚለውን አጠፋሁት

እዚህ ሜሪላንድ ተከራይ ቤት ከለቀቀ በኋላ አከራይ ማስያዣውን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የእኔ አልተመለሰም። ዛሬ ማታ የጻፍኩት የመጀመሪያ ኢሜይል «ሆን ብላችሁ ዘረፋችሁኝ፤ ስደውል ጆሮዬ ላይ ዘጋችሁት» ይል ነበር። በጣም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ንዴቱ አለቀቀኝም። ግን «ሆን ብላችሁ» የሚለውን በምን አስረዳለሁ? ያንን ብቻ ይዘው ይከራከሩኛል፣ ገንዘቤ ይረሳል።

ስልኬን ከፍቼ የደወልኩባቸውን ቀኖች ፈለግኩ። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ጁን 30 ቁልፍ አስረከብኩ። ጁላይ 22 ደወልኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ኦገስት 5 ኢሜይል ላክሁ፤ መልስ አልደረሰኝም። 45ኛው ቀን ኦገስት 14 ነበር። 1,400 ዶላሩን እስከ ኦገስት 29 ላኩልኝ።»

«መስመሩ ተቋረጠ» ላይ ብዙ ቆየሁ። እነሱ ይዝጉት ኔትወርኩ፣ አላየሁም። የቁልፍ ርክክቡን ወረቀት ፎቶ አያይዤ ላክሁት።