«ድሬ» ያልኩት «ድሪ» ሆኖ መጣ

እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችልኝን ፎቶግራፍ ስከፍት መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርሁ። በጥቁር ካናቴራ ግራ ደረት ላይ በነጭ ፊደል «ድሬ» ተብሎ መታተም ነበረበት። የታተመው ግን «ድሪ» የሚል ነበር። ያች የሬ ቀለበት ተደፍና ጠፍታለች። ድሪ የአንገት ጌጥ ነው፤ ለጌጥ ነጋዴ ጥሩ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። እኔ ግን በዚያው ንድፍ ሠላሳ ብር የማያወጣ የኮምፒውተር ምስል አሳምሬ፣ ለሁለት ሳምንት ለሽያጭ አቅርቤው ነበር። ማንም ሳይገዛው መቅረቱ ዕድሌ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ካለችው የፎቶ ቤታችን ሆኜ ንድፉን እሠራለሁ፤ ገዢው ውጭ አገር ሆኖ ያዝዛል፤ ካናቴራው ከታዘዘ በኋላ እዚያው ባሕር ማዶ ባለ አታሚ ታትሞ በቀጥታ ለገዢው ይላካል። እኔ ጨርቅም አልገዛም፣ መጋዘንም የለኝም። ገንዘብ የሚቀበሉት የክፍያ አገልግሎቶች የእኛን ባንክ ስለማይቀበሉ ሱቁ የተከፈተው በእህቴ ስም ነው፤ ግብሩንም የምትከፍለው እሷ ነች። አንዱን ካናቴራ በ27 ዶላር እሸጣለሁ፤ አታሚው 13 ተኩል ይወስዳል፣ የመሸጫው ድረ ገጽና የክፍያው አገልግሎት ተደምረው 3 ያህል ይቆርጣሉ፣ የመላኪያውን ገዢው ይችላል። ለእኛ አሥር ብቻ ይተርፋል። አንድ ካናቴራ በእኔ ጥፋት ተበላሽቶ ምትክ ከላክሁ የሁለቱ ትርፍ ጠፋ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ከዚህች ቁጥር የመጣ ነው።

መጀመሪያ የሸጥሁት ሁሉም ሰው የሚሸጠውን ነበር፤ አንበሳ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ጀበና፣ «ኢትዮጵያ» በትልቁ። በሦስት ወር ሁለት ተሸጠ፣ ሁለቱንም የገዙት ዘመዶቼ ናቸው። እንዲህ ያለው ካናቴራ በየመሸጫው በሺህ ስለሚደረደር የእኔ ከሌላው በምን እንደሚለይ ለራሴም መመለስ አልቻልሁም።

መንገዱን ያሳየኝ ለዕረፍት ከስዊድን መጥቶ ፎቶ ሊታጠብለት የገባ ሰው ነው። የአያቱን ቤት አንሥቷል። ከሥዕሉ በላይ እየደጋገመ የሚጠራው የሰፈሩን ስም ነበር፤ ገንደ ቆሬ፣ ገንደ ቆሬ። ከአገር የወጣ ሰው ለፈረንጅ ሲናገር «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ይላል፤ ለድሬ ልጅ ሲናገር ግን የሚለው ሰፈሩን ነው። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ ካናቴራ ሠራሁ፤ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ ለገሃር፣ ነምበር ዋን። ሥዕል የለውም፣ የሰፈሩ ስም ብቻ። ከአራት ሳምንት በኋላ የተሸጡት ሃያ ሦስት ነበሩ፤ አንዱም ዘመድ አልነበረም። ገዢው ጥቂት መሆኑ አያሳስብም፤ የገንደ ቆሬ ልጅ ካናቴራውን ሲያገኝ ለወንድሞቹም ያዝዛል።

ጠባብ ገበያ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሰፈሮቹ ጋር በከተማችን መሐል በሚያልፈው አሸዋማ ወንዝ ስም «ደቻቱ» የሚልም ሠርቼ ነበር፤ ፊደሎቹን በሰማያዊ ማዕበል ሞልቼ። እኔ የማስበው በአሸዋው ላይ ኳስ ስንጫወት የነበረውን ነው። አንዲት ሴት ከካናዳ ጻፈችልኝ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሲመጣ አክስቷን ወስዶባታል። «ሌላ ቀለም አጥተህ ነው?» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልጻፈችም። ያን ሌሊት ድሬ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ እኔም አስታውሰዋለሁ። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግን ዝግጁ ሆኖ ያገኘሁትን የማዕበል ቅርጽ አምሮኝ ተጠቀምሁበት። ያኑ ማታ አነሣሁት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ንድፍ ከማውጣቴ በፊት የሰፈሩን ተወላጅ ትልቅ ሰው ሳላሳይ አላወጣም።

ወደ ድሪው ልመለስ። ካናቴራው ሳይታተም ለገዢ የሚታየው ምስል፣ እነሱ ሞክአፕ የሚሉት፣ ንድፉ በባዶ ካናቴራ ፎቶግራፍ ላይ የተለጠፈበት ሥዕል ነው። በዚያ ላይ ቀለም አይፈስም፣ ጨርቅ አይመጥም፣ ክር አይታይም። እውነተኛው ማተሚያ ግን በጥቁር ጨርቅ ላይ መጀመሪያ ማያያዣ ፈሳሽ ይረጭና ከዚያ ወፍራም ነጭ ቀለም ይጥላል። ቀለሙ ሲደርቅ ትንሽ ወደ ጎን ይስፋፋል፤ በፊደል ውስጥ ያለች ቀዳዳ ጠባብ ከሆነች ይደፍናታል። በላቲን ፊደል ይህ ብዙ አይጎዳም፤ የተደፈነች «e» አሁንም «e» ነች። በእኛ ፊደል ግን የድምፁ ልዩነት ያለው በዚያች ቀለበት ውስጥ ነው። ሬ ቀለበቷን ስታጣ ሪ ትሆናለች፤ ቆ ደግሞ ቀለበቱ ሲደፈን ምን እንደሆነ ማንበብ ያስቸግራል። ለገንደ ቆሬ ሁለቱም ይመለከቱታል።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እስክደርስበት ግን ሦስት ናሙና አስከፈለኝ። ደረት ላይ የሚታተመውን ጽሑፍ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ሦስት ተኩል ከፍ አደረግሁ፣ ወፍራሙን የፊደል ዓይነት ትቼ መካከለኛውን ወሰድሁ፣ ከዚያ ቀለበቶቹን በእጄ እየሳብሁ አሰፋኋቸው። በወረቀት ላይ በትክክለኛው መጠን አትሜ፣ ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ካልሞላ አልልክም። ፊደሉንም በአታሚው ድረ ገጽ ላይ አልጽፍም፤ እዚያ ያለው መሣሪያ የግዕዝ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ጽሑፉን እዚህ ወደ ምስል ለውጬ፣ ጀርባው ባዶ በሆነ PNG አድርጌ፣ በሚታተምበት መጠን በኢንች 300 ነጥብ እልካለሁ። ጥላና ደብዛዛ ጠርዝ አልጠቀምም፤ በስክሪን ላይ ያማረው ጥላ በጥቁር ጨርቅ ላይ ዙሪያውን ነጭ ጉም ሆኖ ይወጣል።

የጨርቁን ጥራት ግን ከድሬ ሆኜ ልዳስሰው አልችልም። እህቴ ናት ዓይኔና እጄ። ናሙና ሲደርሳት ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጣ ፎቶ ታነሣለች፤ ከአንገቱ ስፌት እስከ ጽሑፉ ያለውን ርቀት ትለካለች፤ ከዚያ አምስት ጊዜ በማሽን አጥባ በማሽን ታደርቃለች፤ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነውና የሚያደርገው። መጀመሪያ የመጣው ካናቴራ ከሆምጣጤ ጋር የሚመሳሰል ሽታና በጽሑፉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ያለው ነጣ ያለ ምልክት ነበረበት። ደነገጥሁ፤ «ወንድምዓለም፣ አንዴ ላጥበውና ከዚያ አልቅስ» አለችኝ። ከአንድ እጥበት በኋላ ሁለቱም ጠፉ፤ የማያያዣው ፈሳሽ ቅሪት ነበር። አሁን ከምርቱ መግለጫ ሥር «ከመልበስዎ በፊት ይጠቡት» ብዬ ስለምጽፍ ቅሬታው ቆሟል። ከአምስተኛው እጥበት በኋላ ጽሑፉ የተሰነጠቀበት አንድ ናሙና ግን ነበር፤ ያን አታሚ ተውሁት።

ያልጠበቅሁት ሌላ ነው። ጥሩ ናሙና የላከው አታሚ፣ ሁለት ወር ቆይቶ ለቴክሳስ ደንበኛ የላከው ካናቴራ ጽሑፉ አራት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ሆድ ላይ ደረሰ። ድርጅቱ አንድ ነው፤ ማተሚያ ቤቶቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ትእዛዙንም ለገዢው ለሚቀርበው ያስተላልፋል። እኔ የፈተንሁት የቨርጂኒያውን ብቻ ነበር። አሁን ናሙና ሳዝዝ አንዱን ለእህቴ፣ አንዱን ካሊፎርኒያ ላለች ጓደኛዋ አዝዛለሁ። ለተበላሸው ግን ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ ፎቶ ከቀረበለት ይተካል፤ ስለዚህ ለደንበኛው «ፎቶውን ዛሬ ይላኩልኝ» ማለት እንጂ መከራከር አያስፈልግም።

የመዘግየቱን ነገር ያስተማረችኝ የገንደ ቆሬ ልጅ የሆነች የሚኒሶታ እናት ነች። ለገና ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፎቶ ሊነሣ ነውና አሥራ አራት ጥቁር ካናቴራ በታኅሣሥ 3 አዘዘች። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። አታሚው ለማተም ከ2 እስከ 5፣ ለማድረስ ከ4 እስከ 8 የሥራ ቀን ይላል። ብዙ ቢሄድ 13 የሥራ ቀን ነው ብዬ «በደንብ ይደርሳል፣ እመቤቴ» ብዬ ጻፍሁላት።

የረሳሁት የፈረንጆቹን ገና ነው። እኛ ሳንጀምር እነሱ የገና ሳምንታቸውን እያገባደዱ ነው፤ ማተሚያው በትእዛዝ ተጥለቅልቋል። የትእዛዙን ሁኔታ ስከፍት «In production»፣ ገና በመታተም ላይ ነው፣ ይላል፤ በሰባተኛው የሥራ ቀንም ያንኑ ይላል። ማተሙ ብቻ ዘጠኝ የሥራ ቀን ፈጀ። ከዚያ የመከታተያ ቁጥር መጣና ተደሰትሁ፤ «Label created» ይል ነበር። ይህ ማለት አድራሻው ተለጥፏል እንጂ ፖስታ ቤቱ ዕቃውን አልተቀበለም ማለት መሆኑን ያወቅሁት አራት ቀን ሳይነቃነቅ ከቆየ በኋላ ነው። በስምንት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ሌሊት ተቀምጬ የደንበኞች አገልግሎቱን ስጠይቅ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ጥቁሩ ኤክስ ኤል አልቋል፣ ሦስቱ ለብቻ ይላካሉ።

ያኔ ያደረግሁት አንድ ትክክለኛ ነገር ዝም አለማለቴ ነው። የሦስቱን ገንዘብ ሳትጠይቀኝ መልሼ፣ የቀሩት መቼ እንደሚደርሱ እንደማላውቅ ጻፍሁላት። አሥራ አንዱ ታኅሣሥ 26፣ ሦስቱ ጥር 5 ደረሱ። የገናውን ፎቶ ላከችልኝ፤ አሥራ አንድ ሰው በጥቁር ካናቴራ ተደርድሯል፣ ከኋላ ሦስት ግዙፍ ሰዎች በሸሚዝና ከረባት ቆመዋል። «ጋሼዎቹ ለጥምቀት ይለብሱታል» ብላ ጽፋበታለች።

አሁን ከኅዳር 15 በኋላ ለገና ዋስትና እንደማልሰጥ በሱቁ ገጽ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከስድስት በላይ ለሚያዝዝም ትልልቆቹ ልክ መኖራቸውን ሳላረጋግጥ ክፍያ አልቀበልም። የአውሮፓ ትእዛዝ ደግሞ እዚያው አውሮፓ በሚያትም ሌላ ድርጅት ነው የሚሄደው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ሁሉ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚከፈልበት፣ አንድ የጀርመን ደንበኛዬ ከአሜሪካ የመጣለትን ካናቴራ ሳይረከብ መልሶታል።

የሚኒሶታዋ እናት ዘንድሮ እንደገና አዘዘች። አሥራ አንዱን በኅዳር መጀመሪያ አዘዘች፤ ሦስቱን ኤክስ ኤል ግን በጥቅምት አስቀድማ ለብቻ አዝዛቸው ነበር።