ብስኩት ውስጥ ለተገኘው ሽቦ ለፋብሪካው ደብዳቤ የጻፍኩት እንዲህ ነው

የምግብ ፋብሪካ እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ሲደርሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ባዕድ ነገሩ የገባው ፋብሪካ ውስጥ ነው ወይስ ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ፎቶዎቼንም ደብዳቤዬንም ያዘጋጀሁት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆኑ ነው።

የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከሰፈራችን ሱቅ የገዛሁትን ብስኩት ልጄ ለሁለት ብትሰብረው አልላቀቅ አላት። ሁለቱን ግማሾች አንድ ቀጭን ሽቦ እንደ ክር አያይዟቸዋል። አልቀመሰችውም፣ ተመስገን። ከእጇ ተቀብዬ ንጹሕ ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። ሽቦውን ግን አልነካሁትም።

ሰው በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርገው ባዕድ ነገሩን መዝዞ ማውጣት ነው። ከወጣ በኋላ ግን ከየትም የመጣ ሽቦ ይሆናል። ብስኩቱ ውስጥ እንዳለ ከሆነ የሚናገረው ብዙ ነው። የኛው ሽቦ ዙሪያውን በበሰለ ሊጥ ተይዟል። ሊጡ የሽቦውን ቅርጽ ይዞ ደርቋል፤ የተሰነጠቀ ወይም የተወጋ ቦታ የለውም። ብስኩት ከተጋገረ በኋላ ሽቦ ቢሰካበት ይፈረፈራል እንጂ እንዲህ አያቅፈውም። ስለዚህ ሽቦው ምድጃ ከመግባቱ በፊት ሊጡ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህን የሚያሳየው ፎቶ ነው።

ያነሳሁት መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ብረቱንም የፓኬቱንም ላስቲክ ያብረቀርቃል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከብስኩቱ ጎን የልጄን ማስመሪያ አስተኛሁና ስልኩን ቀጥ አድርጌ ከላይ ያዝኩ። በሰያፍ ከተነሳ ልኬቱ ይዛባል። የሽቦው ርዝመት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ነበር። ቁጥሩ ቁም ነገር አለው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያ ለምሳሌ ከ7 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ጠንካራ ወይም ስለታም ነገርን ለጉዳት የሚዳርግ አድርጎ ያያል። ቀረብ ብዬ ሳየው ሽቦው ቀጥ ያለ አይደለም፤ እኩል እኩል በተራራቁ ቦታዎች ትንንሽ ጥምዝ አለው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ያየሁትን ግን እንዳለ ጻፍኩት።

ቀጥሎ ፓኬቱ። የብስኩት ፓኬት ሁለት ጥርስ ጥርስ ያላቸው ጫፎችና ከጀርባ አንድ ረጅም ስፌት አለው። እኛ የከፈትነው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው። የተቀደደውን፣ ያልተነካውን ጫፍና የጀርባውን ስፌት ለየብቻ አነሳሁ። ቀዳዳ ካለው ብዬ ባዶውን ፓኬት ወደ ብርሃን ዘርግቼ አየሁት፤ የለውም። በመጨረሻ የባች ቁጥሩን ማለትም የአንድ ዙር ምርት መለያውን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ፊደሉ እስኪነበብ አቅርቤ አነሳሁ።

እዚህ ጋ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። እኔ ፓኬት ላይ ያገኘሁት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም እንደዚያው። ደብዳቤ የምንጽፈው ግን በእኛ ነው። ቀይሬ ብጽፍ ፋብሪካው የሌላ ቀን ምርት መዝገብ ይገልጣል። ስለዚህ የታተመውን ሳልቀይር ገልብጬ «እ.ኤ.አ.» አልኩበት፤ የገዛሁበትን ቀን ደግሞ በእኛ ጽፌ «ዓ.ም.» አልኩ።

ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ ደነገጡ። «ልጄ፣ ካርቶኑን እኮ ትናንት ነው የከፈትኩት፤ በይ ይሄን ወስጂና ያንን መልሺልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ምትክ አልፈልግም፣ ፓኬቱም እኔው ጋ ይቆይ፤ ካርቶኑን ብቻ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፓኬቱ ጋር አንድ ነው። እሱንም አነሳሁ። የቀሩትን ፓኬቶች ከመሸጥ እንዲያቆዩ ለመንኳቸው፣ እሺ ብለው ወደ ጓዳ አስገቡት።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። «ጉዳዩ፦ በታሸገ ብስኩት ውስጥ ስለተገኘ ብረት መሰል ሽቦ» አልኩ። ዋናው አንቀጽ ይህ ነው፦

«ፓኬቱ በቤታችን የተከፈተው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው (ፎቶ 1)። ሌላው ጫፍና የጀርባው ስፌት አልተነኩም (ፎቶ 2 እና 3)። ብስኩቱ ሲሰበር ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ብርማ መልክ ያለው፣ በእኩል ርቀት የተጠማዘዘ ሽቦ ተገኝቷል። ሽቦው በበሰለው ሊጥ ውስጥ እንዳለ ነው፣ አልወጣም (ፎቶ 4)። ማግኔት ሲጠጋው አልተሳበም። የባች ቁጥሩና ቀኑ በፎቶ 5፣ የካርቶኑ በፎቶ 6 ይታያሉ። ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም።»

«ብረት መሰል» ያልኩት አውቄ ነው። ያላስመረመርኩትን ነገር በእርግጠኝነት ብጽፍ እሱን ይዘው ይከራከሩኛል። ንዴቴንም ደብዳቤው ውስጥ አላስገባሁም። እናት ነኝ፣ ተናድጃለሁ፤ ግን ፋብሪካው የሚፈልገው ቁጥር ነው። የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው፦ የባቹ ምርመራ፣ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ፣ ሱቁ ላይ የቀረው እንዲሰበሰብ። ለመልሱም 10 የሥራ ቀን ሰጠሁ። ከሥር ግልባጭ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አደረግሁ። ነፃ የስልክ መስመራቸው 8482 ነው።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም የላክኋቸው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና የባች ቁጥሩ ይደበዝዛል። ደብዳቤውን ግን በወረቀት መዝገብ ቤታቸው አስገብቼ በቀሪው ኮፒ ላይ ቀንና ማኅተም አስደረግሁ። ያለ ማኅተም ኮፒ «አልደረሰንም» ከተባለ መከራከሪያ የለም።

የጥራት ክፍል ኃላፊዋ ደወለችልኝና ናሙናውን ጠየቀች። ብስኩቱን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አድርጌ፣ በፕላስተር አሽጌ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሜ በርክክብ ወረቀት ሰጠኋት። እሷም ፈረመች።

መልሱ በጽሑፍ መጣ። ጥምዙን እንዳዩ ከተሸመነ ሽቦ የተቆረጠ መሆኑን ገምተዋል፤ የዱቄት ወንፊታቸውን ሲፈትሹ ጠርዙ ተበጥሶ አገኙት። የብረት መፈተሻ ማሽን እያለ እንዴት አለፈ ብዬ ጠየቅኋት። ወንፊቱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው አለችኝ። ማሽኑ እንዲህ ያለውን ብረት ከተራው ብረት ይልቅ ለመለየት ይቸገራል፤ ሽቦው ቀጭን ሆኖ በማጓጓዣው አቅጣጫ ተጋድሞ ካለፈ ደግሞ ጭራሽ ላያየው ይችላል። መፍትሔው ወንፊቱን በየፈረቃው መፈተሽ እንደሆነና ያንን እንደጀመሩ ጽፈዋል።

ከጋሼ ሱቅ የቀረውን አከፋፋያቸው መጥቶ ወሰደ፣ ገንዘባቸውንም መለሰላቸው። ግን ያ ባች የተሸጠው ጋሼ ጋ ብቻ አይደለም። ወንፊቱ ከተበጠሰ ጀምሮ የተመረተው ሁሉ የት ደረሰ ለሚለው መልሳቸው ዝም ነው። ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ በዚያው የባች ቁጥር፣ የመጀመሪያውን ኮፒ አያይዤ። የያዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ወንፊቱ ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው፣ ከዚያ በኋላ የወጣው ምርትስ ተሰብስቧል ወይ?