የፓንኬኳ ማሟሻ

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ ፓንኬክ ስጋግር የመጀመሪያዋ ሁሌ ትበላሽብኝ ነበር፣ ችግር የለውም እያልኩ አልፋታለሁ። አንድ እሁድ ግን የእህቴ ልጆች መጥተው ሁሉንም አበላሸሁት፣ አሁንም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ሊጡ ቀላል ነው። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ጨው፣ አንድ እንቁላል፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ወተት፣ ትንሽ ዘይት። 10 ደቂቃ ይረፍ።

ያን ቀን ስቶቩን መጨረሻ ላይ አድርጌ፣ ዘይት ገልበጥ አድርጌ ወዲያው አፈሰስኩ። ስገለብጣት ጠርዟ ደርቋል፣ ፊቷ አንዱ ጋ ጠቁሮ አንዱ ጋ ነጭ ነው፣ ውስጧ ጥሬ። እኔ ደግሞ ሊጡን ወቀስኩ! ቀጠነ ብዬ ዱቄት፣ አልነፋም ብዬ ቤኪንግ ፓውደር ጨመርኩ፣ ጓጎለ ብዬ ደግሞ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት እስኪለሰልስ መታሁት። ከዛ በኋላ የወጡት ስድስቱም ጎማ ናቸው፣ መጥበሻው ላይ ነፋ ይሉና ሳወጣቸው ሙሽሽ፣ ጣእማቸውም መረር ይላል። የስንዴ ሊጥ ብዙ ሲመታ እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ ለዳቦ ይሆናል ለዚህ ግን አይሆንም፣ ጓል ቢኖረው ተዉት። ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ደግሞ አየሩ ከልክ በላይ ይነፋና ይፈነዳል፣ እንደኛ ደጋ ላይ ይብሳል።

እናቴ ከኋላዬ ሆና «ምጣዱን ሳታሟሺ ነው እንዴ የምታፈሽው?» አለችኝ። እኔ እቴ፣ ይሄ እንጀራ አይደለም ብዬ ሳቅኩ።

ልክ ነበረች። መጥበሻው መጀመሪያ የሚግለው ሽቦው ባለበት ብቻ ነው፣ የተጠራቀመ ዘይት ላይ ያረፈው ሊጥ ይጠበሳል፣ ብረቱን የነካው ያርራል። ሁለተኛዋ የምታምረው የመጀመሪያዋ ትርፉን ዘይት ስለጠጣችላትና እስከዛ ሙቀቱ ስለተዳረሰ ነው እንጂ ሊጡ ያው ነው።

አሁን መካከለኛ እሳት ላይ 5 ደቂቃ አግለዋለሁ። ጠብታ ውሃ ጣል ሳደርግ ቀስ ብሎ ከፈላ ገና ነው፣ እየዘለለ ከተንጨረጨረ ደርሷል። ዘይቱን እንደ ምጣድ በጨርቅ አስሰዋለሁ፣ ብልጭታው ብቻ ይቅር። ዘይቱ ከጨሰ አልፏል፣ አንድ ደቂቃ አወርደዋለሁ። ከዛ አንድ ማንኪያ ሊጥ ጠብ አድርጌ አያለሁ፣ እሷ ናት ማሟሻዋ። ሌሎቹን የምገለብጠው ጠርዙ ላይ ያለው አይን ፈንድቶ ክፍት ሲቀርና የጠርዙ እርጥበት ሲጠፋ ነው፣ አይኑ ተመልሶ ከተደፈነ ገና ነው። አንዴ ብቻ ይገልበጥ፣ በጭልፋ መጫን የለም።

ማሟሻዋን እኔው ነኝ የምበላት። ልክ እንደነበረች ግን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።